ጭራው ከጭራው ጋር ይግጠም፦ ስለ ተደጋጋሚ አስርዮሽ ጥያቄና መልስ

ሀዋሳ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሂሳብ አስጠናለሁ። ሰሞኑን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ቆመዋል። ከነጥቡ በኋላ ማለቂያ የሌለውን ቁጥር እንዴት ክፍልፋይ እናድርገው ይላሉ። ስለዚህ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ አምጡ አልኩ፤ ልጆቹም፣ ወላጆችም፣ ሌሎችም ጻፉልኝ። ደብተር ላይ የሚደጋገመው አኃዝ አናት ላይ ሰረዝ ይደረጋል፤ እዚህ ግን በሦስት ነጥብ እጽፈዋለሁ።

«ቲቸር፣ 0.777... 7/9 ነው ብለኸን ነበር። እኔም 0.41666... ን 416/999 ብዬ ጻፍኩና ኤክስ ሆነብኝ። ለምን?»

416 ን ለ 999 አካፍዪና እዪው። 0.416416416... ይመጣል። 41 ንም አብረሽ አስደገምሽው ማለት ነው። ያንቺ ቁጥር ውስጥ የሚደጋገመው 6 ብቻ ነው፤ 4 እና 1 አንዴ መጥተው ሄደዋል።

አሁን ባለ ካሬ ደብተርሽን አውጪ። ቁጥሩን x በዪው።

x = 0.41666...

የምንፈልገው ሁለት መስመር ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ጭራቸው ፍጹም አንድ ዓይነት የሆነ። መጀመሪያ 41 ን ከነጥቡ በፊት እናሳልፈው። ሁለት አኃዝ ስለሆነ በ 100 እናባዛለን።

100x = 41.666...

ቀጥሎ አንድ ሙሉ ዙር እናሳልፋለን። ዙሩ አንድ አኃዝ፣ 6 ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንደገና በ 10፦

1000x = 416.666...

ሁለቱን ነጥቡን ከነጥቡ ሥር አድርገሽ ጻፊያቸው። ከነጥቡ በስተቀኝ እዚያም 666... ነው፣ እዚህም 666... ነው። ስትቀንሺ ጭራው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

1000x − 100x = 416.666... − 41.666...
900x = 375
x = 375/900

ሁለቱንም ለ 75 ስናካፍል 5/12 ይሆናል።

ማረጋገጫ ከፈለግሽ 5 ን ለ 12 በእጅሽ አካፍዪ። 50 ውስጥ 12 አራት ጊዜ፣ ቀሪ 2። 20 ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ቀሪ 8። 80 ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ ቀሪ ደግሞ 8። ያው 8 ተመልሶ መጣ፤ ከዚህ በኋላ 6 እንጂ ሌላ ሊመጣ አይችልም። ይቺን ቀሪ 8 በእርሳስ ክበቢያት፣ 6 ለምን እንደሚደጋገም የምትነግርሽ እሷ ናት።

«ይሄን ሁሉ ምን አስፈለገ? በ 10 ብቻ አባዝቶ x ን መቀነስ ነው። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የምሠራው፣ ተሳስቼም አላውቅም።»

ለዚህኛው ትክክል ነህ። 10x = 4.1666... ነው፤ 0.41666... ስትቀንስበት 3.75 ይቀራል። 9x = 3.75 ማለት ነው፤ x = 3.75/9። ላዕሉና ታህቱን በ 100 ስታባዛ ያው 375/900 ነው። ነጥብ ያለበት ላዕል ስለሚያስጠላ ብዙ ሰው አይመርጠውም እንጂ ስህተት የለበትም።

«ሁሌ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። 0.353535... ን ሞክርልኝ። 10x = 3.535353... ይሆናል። x ን ስትቀንስ 3.181818... ይመጣል። አየህ፣ ጭራው አልሞተም፣ ሌላ ጭራ ተክቶ መጣ። ምክንያቱም ዙሩ ሁለት አኃዝ ሆኖ ሳለ የገፋኸው በአንድ ነው፤ 5353 ከ 3535 ሥር ወደቀ። በ 100 ብታባዛው 99x = 35 ይሆንና ያልቃል። ተሳስቼ አላውቅም ያልከው ምናልባት አንድ አኃዝ የሚደጋገምባቸው ብቻ ደርሰውህ ይሆናል።

«እኔ አባት ነኝ። በእኛ ጊዜ 416 ሲቀነስ 41፣ ከታች አንድ ዘጠኝና ሁለት ዜሮ፣ በቃ። ልጄ ግማሽ ገጽ x ትጽፋለች። ያው አይደለም ወይ?»

ያው ነው ጋሼ። የእርስዎ 416 ሲቀነስ 41 ማለት የእኛ 416.666... ሲቀነስ 41.666... ነው፤ ጭራው እንደሚጠፋ ስለሚያውቁ አልጻፉትም። 900 ም የመጣው 1000 ሲቀነስ 100 ነው። ዘጠኙ ከሚደጋገመው አኃዝ ብዛት፣ ዜሮዎቹ ከማይደጋገመው።

እኔ ልጆቹን በ x የማሠራቸው አንድ ነገር አይቼ ነው። አቋራጩን ብቻ የያዘ ልጅ ዘጠኝና ዜሮውን ሲያምታታ 990 ይበል 909 ይበል የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በ x የሠራ ግን ሲቀንስ ጭራው ካልጠፋ እዚያው ያየዋል። አንዴ ከገባት በእርስዎ መንገድ ትሥራ፣ አልከለክላትም። ፈተና ላይ ግን «አሠራሩን አሳዩ» ከተባለ መስመሮቹን መጻፍ አለባት።

«ሱቅ ነው ያለኝ። 100 ብር ለሦስት ልጆቼ እኩል ሳካፍል 33 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሳቸውና አንድ ሳንቲም ትተርፋለች። በእናንተ ዘዴ ያቺ ሳንቲም የት ትገባለች?»

እትዬ፣ ጥያቄው ትንሽ ሌላ ነው፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። 33.33 ያለቀ ቁጥር ነው። ሦስት ጊዜ 99.99 ነው፣ አንዷ ሳንቲም በእርግጥም ውጭ ቀርታለች። እኛ የምናወራው ስለ 33.333... ነው፣ ሦስቱ ስለማይቆምበት። እሱን x ብንለው 10x = 333.333... ነው፤ ስንቀንስ 9x = 300፣ x = 100/3። ሦስት ጊዜ 100/3 ልክ 100 ነው፣ ምንም አይተርፍም።

ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በእጅ ግን ከሳንቲም በታች ገንዘብ የለምና ያቺን አንድ ሳንቲም ለትንሹ ይስጡት።

«ካልኩሌተሬ ለ 5/12 የሚያሳየኝ 0.416666667 ነው። መጨረሻው 7 ከሆነ የሚደጋገም አይደለማ? ደግሞ በስልኬ ባለ መተግበሪያ 0.41666666 ን አስገብቼ ወደ ክፍልፋይ ቀይር ስለው 20833333/50000000 አለኝ።»

7 ቷ ከማጠጋጋት የመጣች ናት። ስክሪኑ ቦታ ሲያልቅበት ቀጣዩ 6 ስለሆነ የመጨረሻውን ወደ ላይ አሳደገው። ከላይ በእጅ እንዳካፈልነው ቀሪው ሁሌ 8 ነው፤ 7 መቼም አይመጣም።

ሁለተኛው ደግሞ መተግበሪያው አልተሳሳተም፣ የጠየቅከውን ነው የመለሰው። አንተ ስምንት አኃዝ ጽፈህ ቆምክ። ለሱ ቁጥሩ እዚያ አለቀ፤ 41666666 በ 100000000 ብሎ አቃለለልህ። ሦስቱን ነጥብ በምን ይወቅልህ? እንዲህ ያለ ሰፊ ታህት ስታይ፣ በተለይ በዜሮ የሚያልቅ፣ ጭራው መሃል ላይ ተቆርጧል ብለህ ጠርጥር።

«2.1353535... ላይ ተቸግሬያለሁ። 100x ና 10x ን ቀንሼ 192.181818... መጣብኝ።»

ጭራውን ስላየሽው ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው 192 ብሎ ጽፎ ያልፋል። ሁለቱን መስመሮችሽን እዪያቸው፦

10x = 21.353535...
100x = 213.535353...

አንዱ በ 3 ይጀምራል፣ ሌላው በ 5። አይገጥሙም። 10x ጥሩ መነሻ ነው፣ 1 ን አሳልፏል። ከዚያ ዙሩ ሁለት አኃዝ ስለሆነ ከ 10x ላይ ሁለት እርምጃ መሄድ አለብሽ፣ ወደ 1000x።

1000x = 2135.353535...
1000x − 10x = 2135 − 21
990x = 2114
x = 2114/990 = 1057/495

ከዚህ በላይ አይቃለልም። ፊት ያለው 2 ን ለብቻው አውጥተሽ 0.1353535... ን ሠርተሽ መደመርም ትችያለሽ፤ 2 ከ 67/495 ይወጣል፣ ያው ነው።

«ስለዚህ ሥርዓት ያለው ማንኛውም አስርዮሽ ክፍልፋይ ይሆናል? ለምሳሌ 0.1010010001...፣ ዜሮው በየጊዜው አንድ ይጨምራል።»

አይሆንም። ሥርዓት አለው፣ ግን ዙር የለውም። በ 10 ግፋው፣ በ 1000 ግፋው፣ በፈለግከው ግፋው፤ ዜሮዎቹ እየበዙ ስለሚሄዱ ሁለት ጭራ መቼም አይገጥምም። የሚቀነስ ነገር አታገኝም። ይሄ ኢ-ንጥጥር ቁጥር ነው። ክፍልፋይ ቢሆን ኖሮ ስታካፍል የሆነ ቀሪ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ነበር፣ ልክ እንደዚያች 8፤ ከታህቱ የሚያንሱት ቀሪዎች ውስን ናቸውና።

«በዚህ ዘዴ 0.999... ን ሠራሁት። 10x = 9.999...፣ 9x = 9፣ x = 1 መጣ። የሆነ ቦታ ማጭበርበር አለ። በ 10 ስናባዛ መጨረሻ ላይ አንድ ዘጠኝ ይጎድላል እኮ።»

አልተሳሳትክም፣ 1 ነው። መጨረሻ የሚባል ቦታ ቢኖር አንድ ዘጠኝ ይጎድል ነበር፤ 0.999 ብለህ ሦስት ላይ ብታቆም በእርግጥ 9.99 ሆኖ ይጎድላል። ማለቂያ የሌለው ጭራ ግን አንድ ስትወስድበት ያው ማለቂያ የሌለው ጭራ ነው። ደግሞ 1/3 ን 0.333... ብለህ ተቀብለሃል፤ በ 3 አባዛው።

አንድ ነገር ግን እውነትህን ነው። ማለቂያ የሌለውን ጭራ እንደ ተራ ቁጥር ማባዛትና መቀነስ ይቻላል ብለን ዝም ብለን ተቀብለናል። ለምን እንደሚቻል የሚታየው በኋላ ስለ ገደብ ስትማሩ ነው፤ በዘጠነኛ ክፍል x ብቻ አይረጋገጥም።

«1/3 ንም አሁን መጠራጠር ጀመርኩ።»

ጥሩ። እንግዲያው 1 ን ለ 3 በእጅህ አካፍልና ቀሪው ከ 1 ሌላ የሚሆንበትን እርምጃ ፈልግልኝ። ካገኘህ ቅዳሜ ይዘህልኝ ና፣ አብረን እናየዋለን።