ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ፦ የስንት ወር ወጪ፣ በምን መልክ? (ጥያቄና መልስ)

ጎንደር ውስጥ በቁጠባና ብድር ሥራ 20 ዓመት ገደማ ቆይቼ፣ አሁን ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሂሳብ እይዛለሁ። ዛሬ ስለ መጠባበቂያ ገንዘብ ብቻ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ከዚህ በታች የሚታዩት የቤት ወጪዎች የጠያቂዎቹ ስለሆኑ፣ በራሳችሁ ቁጥር ተክታችሁ አስሉ።

አስጎብኚ፣ ፒያሳ፦ «ጋሼ፣ አንዱ ሦስት ወር ይበቃል ይለኛል፣ ሌላው ስድስት ይላል። ቤታችን በወር 20,000 ብር ያወጣል። ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች ታቀርባለች፣ እስከ 5,000 ታገኛለች። ስንት ልያዝ?»

ወሩን ከመቁጠርህ በፊት ወጪህን አጥራው። በላክልኝ ዝርዝር መሠረት የቤት ኪራይ 5,000፣ ምግብ 7,500፣ የልጆች ትምህርት 2,000፣ ትራንስፖርትና ስልክ 1,200፣ መብራት፣ ውኃና ከሰል 1,300፣ ለወላጆችህ 1,500፣ ዕድርና ሌላ ማኅበራዊ ወጪ 1,500 ብር ነው። ብዙ ሰው «ክፉ ቀን ከመጣ በግማሽ እኖራለሁ» ይላል፤ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን እንዲያ አይሆንም። ኪራዩና የትምህርት ቤት ክፍያው አንድ ብር አይቀንሱም። ምግቡን ወደ 6,000፣ ትራንስፖርትና ስልኩን ወደ 600፣ መብራትና ከሰሉን ወደ 1,000፣ የወላጆችህን ወደ 1,000፣ ማኅበራዊውን ወደ 400 ብታወርድ ድምሩ 16,000 ብር ይሆናል። ያን ሁሉ ቆንጥረህ የቀነሰልህ ከአምስት አንድ እጅ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የባለቤትህን ገቢ ከዚህ ላይ መቀነስ ያምርሃል፤ ስሌቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እንጀራዋን የሚገዛው ሆቴል የሚኖረው አንተን በሚያኖርህ እንግዳ ነው። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ፣ በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር፣ በነሐሴ 2015 በክልላችን ግጭቱ ሲከፋ፣ የአስጎብኚውም የሆቴሉም ገቢ አብሮ ነው የቆመው። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ደመወዝ አለ ማለት ሁለት የተለያየ ምንጭ አለ ማለት አይደለም። ለጎረቤት ከምትሸጠው 2,000 ብር ያህል ብቻ ቁጠር። በየወሩ የሚጎድልህ 14,000 ብር ነው።

አሁን ወደ ወሩ እንምጣ። ጎብኚ እስኪመለስ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብለህ ከጠየቅህ ዓመታት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ የሚበቃ ገንዘብ ማንም አያጠራቅምም። መለካት ያለብህ ሌላ ገቢ እስክታገኝ የሚፈጀውን ጊዜ ነው። ባለፈው ጊዜ እንግዳ ሲጠፋ ወደ ሌላ ሥራ ለመግባት ስድስት ወር እንደፈጀብህ ጽፈህልኛል። እንግዲያው ያንተ ቁጥር ስድስት ነው፤ 14,000 በ6 ሲባዛ 84,000 ብር ይሆናል። አንተን «ሦስት ወር ይበቃል» ያለህ ሰው ምናልባት በሁለት ወር ሥራ የሚያገኝ ሰው ይሆናል፤ ለራሱ ልክ ሊሆን ይችላል።

ያው አስጎብኚ፦ «ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሥራ የለም። በክረምት ከዚሁ ልጠቀም?»

አይሆንም። ክረምት በየዓመቱ እንደሚመጣ ታውቃለህና ድንገተኛ አይደለም። የክረምቱን ጎድሎ በሌላ ደብተር ያዘው፤ ከመስከረም እስከ ጥምቀት ድረስ ካገኘኸው መጀመሪያ ይሸፈን። ከዚያ በተረፈው መጠባበቂያውን ሙላ። በዚያ ወቅት በወር 5,000 ብር መለየት ከቻልህ በአምስት ወር 25,000 ይሆናል፤ 84,000 ለመሙላት ከሦስት ወቅት በላይ ይፈጅብሃል። ረጅም ነው፤ ቢሆንም የመጀመሪያው 14,000 ብር ከገባ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ከአራጣ አበዳሪ ደጅ አትቆምም።

መምህር፣ ማራኪ፦ «የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ ስለማይቋረጥ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ለነጋዴና ለቀን ሠራተኛ ነው።»

ግማሹ ልክ ነው። ከሥራ የመባረር ዕድልዎ አነስተኛ ስለሆነ ስድስት ወር አልጠይቅዎትም። ነገር ግን ደመወዝ ሊዘገይ ይችላል፤ ልጅ ሊታመም ይችላል፤ አከራይ በድንገት ቤቱን እፈልገዋለሁ ሊል ይችላል። ለእርስዎ ከሁለት እስከ ሦስት ወር የተቀነሰ ወጪ ይበቃል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችሁም የመንግሥት ሠራተኞች ከሆናችሁ ግን የሚዘገየው የሁለታችሁም ደመወዝ በአንድ ቀን መሆኑን አይርሱ።

የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ እናት፣ አዘዞ፦ «እኔ ዕድሬን በየወሩ እከፍላለሁ፣ አንድም ወር አላሳለፍሁም። ታዲያ ይህ ለክፉ ቀን አይደለም እንዴ?»

እማማ፣ ዕድርዎ ለክፉ ቀን ነው፤ ግን ለአንድ ዓይነት ክፉ ቀን ነው። ድንኳኑም፣ ገንዘቡም፣ ሰዉም የሚመጣው ሞት ሲደርስ ነው፤ ልጁ ሥራ ሲያጣ ወይም የቤት ኪራይ ሲጎድል አይመጣም። አንዳንድ ዕድሮች ለታመመ አባል ያበድራሉ፤ የእርስዎ ዕድር በደንቡ እንዲህ ያለ ነገር ካለው ጸሐፊውን ይጠይቁ። ስለዚህ ዕድሩ የቀብሩን ወጪ ከመጠባበቂያዎ ላይ ያነሳልዎታል እንጂ መጠባበቂያውን አይተካም።

የሸቀጥ ነጋዴ፣ ቅዳሜ ገበያ፦ «ዕቁብ እጥላለሁ። 60,000 ብር ይደርሰኛል። እሱን ብቆጥረው?»

ዕጣው ከወጣልህና ካልበላኸው ቁጠረው። ካልወጣልህ ግን የተጠራቀመልህ ተስፋ ነው። ሥራህ የቆመው በአራተኛው ወር፣ ዕጣህ የሚወጣው በአሥራ አንደኛው ወር ሊሆን ይችላል። የባሰው ደግሞ፣ ገቢህ ቢቋረጥም መጣል ግዴታህ ስለሆነ ዕቁቡ በክፉ ቀን ተጨማሪ ወጪ ይሆንብሃል። ዋስ ጠርተሃልና ማቋረጥ አይቻልም። ዳኛው ተራ እንዲሰጡህ ወይም የሌላውን ዕጣ ቀንሰህ እንድትገዛ ይፈቅዱ ይሆናል፤ ያ ግን በእነርሱ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። የሱቅህን ዕቃም አትቁጠር። በአንድ ሳምንት ውስጥ በግድ የተሸጠ ዕቃ ከገዛህበት በታች ይወርዳል፤ ሸጠህ ስትጨርስም ሱቁ ባዶ ነው።

የወርቅ ቤት ባለቤት፣ አራዳ፦ «ይቅርታ፣ ይህ ምክር ሰውን ያደኸያል። ብር በባንክ ያስቀመጠ ሰው በሐምሌ 2016 ምን እንደደረሰበት አይተናል። ወርቅ የያዘ ሰው ነው ያተረፈው።»

እትዬ፣ የተናገሩት እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ 7 በመቶ የቁጠባ ወለድም ያንን አይከላከልም። መጠባበቂያ ገንዘብ ዋጋው እየሟሟ የሚቀመጥ ገንዘብ መሆኑን አልክድም፤ ያ ማለቂያ የሌለው ኪሳራ ሳይሆን በሚፈለግበት ሰዓት ለመገኘቱ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ልዩነታችን የሚሸጥበት ቀን ላይ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ቀለበትና የጆሮ ጉትቻዋን ሸጣ ልጇን ለማሳከም ወጣች። የመጀመሪያው ወርቅ ቤት የሠሪውን ዋጋ ቀንሶ በግራም ብቻ ገመተላት፤ ሁለተኛው «ዛሬ ጥሬ ገንዘብ የለኝም፣ ሰኞ ነይ» አላት። ቀኑ ዓርብ ነበር። ሐኪም ቤቱ ቅድሚያ ክፍያውን የጠየቀው በዚያው ዓርብ ነው። ከተማው ሁሉ ሲቸገር ደግሞ ሁሉም ሻጭ ይሆናል፤ ገዢው ግን እርስዎና ጥቂት መሰሎችዎ ናችሁ። በሬና በግም እንዲሁ ነው፤ ችግሩ በዐቢይ ጾም መካከል ከመጣ የእርድ እንስሳ ፈላጊው ቀንሷል፣ ለፋሲካ ዋዜማ እስኪደርሱ ግን ችግሩ አይጠብቅም።

የወርቅ ቤት ባለቤት፦ «የጥሬ ገንዘቡ ነገር ልክ ነው፣ እኔም ዓርብ ከሰዓት ባዶ የምሆንበት ጊዜ አለ። ግን ስድስት ወሩን ሁሉ በብር መያዝ አልስማማም።»

እኔም አልስማማም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች በብር ይያዙ እላለሁ፤ ምክንያቱም አራተኛው ወር ሲደርስ ወርቅ ለመሸጥ ዋጋ እያማረጡ የሚዞሩበት ጊዜ ኖሮዎታል። ከዚያ በላይ ያለውን በወርቅ የሚይዝ ሰው አልወቅስም። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ግን ሁሉም በብር መሆን አለበት ብለው ይከራከሩኛል፤ ዛሬም አልተስማማንም።

የፋርማሲ ሠራተኛ፦ «እሺ፣ በብር ይሁን። የት? በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ብይዘው ወለዱ ይሻላል።»

በጊዜ ገደብ ያስቀመጡት ገንዘብ ከቀኑ በፊት ሲወጣ የተባለው ወለድ ያመልጥዎታል ወይም ወደ ተራ ቁጠባ ይወርዳል፤ ቅርንጫፍ ሄዶ መፈረምም አለ። ለዚህ ገንዘብ ተራ የቁጠባ ሂሳብ ይሻላል፤ ደመወዝዎ ከሚገባበት ሂሳብ ግን ይለዩት፤ ካልተለየ በጥቂት ወር ውስጥ ተመዝዞ ያልቃል።

ሌላው ጎንደርን የሚመለከት ነገር ነው። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ በስልክ መተግበሪያ ላይ ብቻ የተማመነ ሰው ገንዘቡ እያለው ተቸግሯል። ቴሌብር ያለው ሰው ኢንተርኔት ባይኖርም *127# ደውሎ መጠቀም ይችላል፤ የባንክዎንም አጭር ቁጥር አስቀድመው ሞክረው ይያዙ። ኔትወርክም መብራትም አብረው ሲጠፉ ግን ኤቲኤሙም አይሠራም። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር የምግብና የመድኃኒት ወጪ በትናንሽ ኖቶች ቤት ይኑር። ከዚያ በላይ ቤት ውስጥ ማኖር ለሌባና ለእሳት ይዳርጋል። የቀረው ባንክ ይቀመጥ።

ገበሬ ቤተሰብ ያለው ጠያቂ፦ «በየዓመቱ ከቤተሰቦቼ ሁለት ኩንታል ጤፍ ይመጣልኛል። ይህን እንዴት ልቁጠረው?»

እንደ ገንዘብ ሳይሆን እንደ ምግብ ቁጠረው። ጤፍህ ለአራት ወር የሚበቃ ከሆነ ከእነዚህ አራት ወሮች ወጪ ላይ የእህሉን ድርሻ ቀንስ፤ ኪራዩ፣ ዘይቱና መድኃኒቱ እንዳለ ይቀራል። ጤፍ ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ ብዙም አይነቅዝም፤ በቆሎና ስንዴ ቢሆን ኖሮ በነቀዝ ስለሚበሉ እንዲህ አልልህም ነበር። ጎተራውን ሳትከፍት ምን ያህል እንደቀረ በግምት አትናገር፤ አንድ ጊዜ ደንበኛዬ ሁለት ኩንታል አለኝ ያለው ስንመዝነው 130 ኪሎ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለካ እናቱ ለዘመድ ሲያካፍሉ ከርመዋል።