የብርድ ማለዳውን ቮልቴጅ አስቀድማችሁ አስሉ

በሶላር ኃይል ሥራ ላይ ለተሰማራችሁ ወጣት ባለሙያዎች፣

ፓነል ሲሞቅ ቮልቴጁ ዝቅ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከፍ ይላል። ጀማሪ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ፀሐይ በበረታች ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ የሚያድግ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የብርሃኑን መጠን ተከትሎ በእጅጉ የሚወጣና የሚወርደው ከረንቱ ነው። ቮልቴጁ ግን በደካማ ብርሃን እንኳ ወደ ሙሉ መጠኑ ይጠጋል። ስለዚህ በተከታታይ የተያያዘ የፓነል ስትሪንግ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚሰጠው በቀትር ሳይሆን፣ ሌሊቱን በብርድ ያደረው ፓነል የማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ነው። በዚያች ሰዓት ኢንቨርተሩ ገና ሥራ ስላልጀመረ ከረንት አይስብም፤ በመሆኑም መግቢያው ላይ የሚደርሰው የሥራ ቮልቴጅ ሳይሆን ከእርሱ የሚበልጠው የክፍት ሰርኪዩት ቮልቴጅ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የፓነሉ የክፍት ሰርኪዩት ቮልቴጅ 49.5 ቮልት፣ የዚሁ ቮልቴጅ የሙቀት ኮኤፊሸንት፣ ማለትም ሴሉ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ የሚጨምርበት መጠን፣ 0.27 ከመቶ፣ ኢንቨርተሩ የሚችለው ከፍተኛ የመግቢያ ቮልቴጅ ደግሞ 1000 ቮልት ነው እንበል። 20 ፓነል ብናያይዝ በፓነሉ ጀርባ በተጻፈው ቁጥር ድምሩ 990 ቮልት ስለሚሆን ያለፈ ይመስላል። ነገር ግን ያ ቁጥር የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ነው። በቦታው የሚደርሰው ዝቅተኛ ሙቀት ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ነው፤ 30 በ0.27 ሲባዛ 8.1 ከመቶ ጭማሪ ይሰጣል። እያንዳንዱ ፓነል ወደ 53.5 ቮልት ያድጋል፤ ሃያው ሲደመርም 1070 ቮልት ይሆናል። ገደቡን 1000ን ለ53.5 ብታካፍሉት 18.7 ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ቁጥሩ ወደ ላይ አይጠጋጋም፤ የሚፈቀደው 18 ፓነል ብቻ ነው። ስትሪንጉም በብርዱ 963 ቮልት ገደማ ይሰጣል።

ይህን ስሕተት አደገኛ የሚያደርገው በቀትር ልኬት የማይታይ መሆኑ ነው። የዚያው የ20 ፓነል ስትሪንግ ሴሉ 60 ዲግሪ በሞቀበት ቀን በመልቲሜትር ቢለካ 896 ቮልት ገደማ ስለሚያሳይ፣ ለካሁ፣ ደህና ነው ብሎ የሚፈርም አይጠፋም። የቀትር ልኬት ካላችሁ የፓነሉን የጀርባ ሙቀት አብራችሁ መዝግቡ፤ ሴሉ ከጀርባው ጥቂት ዲግሪ እንደሚሞቅም አትርሱ። ከዚያ የለካችሁትን መጀመሪያ ወደ 25 ዲግሪ፣ ቀጥሎም ወደ ብርዱ ሙቀት መልሱ። 896ን ለ0.9055 ስታካፍሉት 990 ይመጣል፤ ያንን በ1.081 ስታባዙት ያው 1070 ይወጣል።

የሙቀት ምርጫው ከሒሳቡ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሚወሰደው የወሩ አማካይ ሳይሆን በቦታው ለብዙ ዓመታት በተመዘገበ መረጃ የታየው ዝቅተኛ ሙቀት ነው። የሜትሮሎጂ ጣቢያው መረጃ ከእናንተ ቦታ ከፍታ ዝቅ ካለ ሥፍራ የተወሰደ ከሆነ ልዩነቱን አስቡበት። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ፓነሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ጭምር ይበልጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ስለዚህ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ማስላቱን እኔ ከመጠን ያለፈ ፍርሃት አልለውም።

ዳታሺቱን ስታነቡም የሚያምታቱ ቦታዎች አሉ። አንዳንዱ በዝቅተኛ ብርሃንና በሞቀ ሴል የተለካ ሁለተኛ ዓምድ አለው፤ በዚያ የሚታየው ቮልቴጅ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለዚህ ሒሳብ አይሆንም። የሙቀት ኮኤፊሸንቱም ሦስት ነው፦ የኃይል፣ የከረንትና የቮልቴጅ። የከረንቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ በስሕተት ከተወሰደ ጭማሪው ከንቱ መስሎ ይታያል። በኢንቨርተሩ በኩል ደግሞ ኃይል በብዛት የሚያወጣበት የቮልቴጅ ክልል እና ፍጹም ገደቡ የተለያዩ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ማለፍ ምርት ሊቀንስ ይችላል፣ ከሁለተኛው ማለፍ ግን የመግቢያውን ካፓሲተሮችና ትራንዚስተሮች ያበላሻል። ብዙ ኢንቨርተሮች የታየውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚመዘግቡ አምራቹ ዋስትናውን ላለመቀበል በዚሁ መዝገብ ሊጠቀምበት ይችላል። የፓነሉና የገመዱ የሲስተም ቮልቴጅ ገደብም ከኢንቨርተሩ ያነሰ ከሆነ፣ ሒሳቡ የሚሠራው በአነስተኛው ነው።

ስትሪንጉ ተገጥሞ ካለ በኋላ ስሕተቱን ካገኛችሁ፣ ማገናኛዎቹን ከረንት እያለ አትንቀሉ። በመጀመሪያ ኢንቨርተሩን በኤሲ በኩል አጥፉ፣ ቀጥሎም የዲሲ ማቋረጫውን ክፈቱ፣ በክላምፕ ሜትር ከረንት አለመኖሩን አረጋግጡ፣ ከዚያም ሁለቱን ፓነሎች ከስትሪንጉ አውጡ። በአንድ መግቢያ በትይዩ የተያያዙ ስትሪንጎች ካሉም ሁሉንም በእኩል ቁጥር አሳንሱ። ማቋረጫውን መክፈት ብቻውን በፓነሎቹ በኩል ያለውን ቮልቴጅ እንደማያጠፋም ልብ በሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተሰበረ ፓነል በአዲስ ሲተካም ሒሳቡን እንደገና ሥሩ፤ የአዲሱ ፓነል የክፍት ሰርኪዩት ቮልቴጅ ከቀድሞው በጥቂት ቮልት ሊበልጥ ይችላልና።