ዌብካም ከመግዛትሽ በፊት፦ የዙም ቃለ መጠይቅ ድምፅና ምስል በ2,000 ብር

«ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ውጭ አገር ካለ ድርጅት ጋር በዙም ቃለ መጠይቅ አለኝ። ላፕቶፔን ያገለገለ ነው የገዛሁት። ከጓደኛዬ ጋር ስሞክረው ‹ፊትሽ ጨለማ ነው፣ ድምፅሽም ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል› አለችኝ። እጄ ላይ ያለው 2,000 ብር ነው። ዌብካም ልግዛበት?»

እህታችን፣ አትግዢ። ጓደኛሽ የነገረችሽ ሁለቱም ችግሮች አዲስ ካሜራ ብትሰኪም አብረውሽ ይቆያሉ። በርካሽ የሚሸጡት ዌብካሞች ላይ የሚለጠፈው «1080p» ወይም «4K» የሚል ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነተኛ አይደለም፤ ትንሹን ምስል ለጥጠው ነው ትልቅ የሚያስመስሉት። ለዙም ጥሪ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ የሚገኘው 720p ካሜራ ይበቃል። የጎደለው ብርሃን ነው።

ግን ከድምፁ እንጀምር። ጠያቂዎችሽ ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣሉ፤ መልስሽ ካልተሰማቸው ግን ምን ብለው ይመዝኑሻል? የላፕቶፑ ማይክ ስክሪኑ ጠርዝ ወይም ኪቦርዱ አጠገብ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር ናት። ከአፍሽ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚያ ሆና የምትሰማው አንቺን ብቻ አይደለም፤ ድምፅሽ ግድግዳውንና ወለሉን መትቶ ሲመለስ እሱንም፣ የላፕቶፑን ፋንም አብራ ትሰማለች። ከጉድጓድ የሚወጣ ያስመሰለው ያ የሚመለሰው ድምፅ ነው። ማይኩ ከአፍሽ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ርቀቱ አራት ጊዜ ያንሳል፣ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ ጉልበት ደግሞ 16 እጥፍ ይሆናል። ከግድግዳ የሚመለሰው ግን ያው ባለበት ነው። ለዚህ ነው ከስልክ ጋር የሚመጣው ተራ ባለሽቦ ኢርፎን ከላፕቶፑ ማይክ የሚሻለው። ቤት ካለ ወጪው ዜሮ ነው፤ ባይኖርም ከ2,000 ብሩ የሚወስደው ትንሹን ነው።

ስትገዢ መሰኪያውን ተመልከቺ። ብረቱ ላይ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ካሉት ማይክ አለው፤ ሁለት ከሆኑ ማዳመጫ ብቻ ነው። የላፕቶፕሽ ቀዳዳ አንድ ከሆነና አጠገቡ የሄድፎንና የማይክ ምልክት አንድ ላይ ካለ በቀጥታ ይሠራል። ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ካሉት ግን ማይኩን ከማዳመጫው የሚለይ ባለሁለት እግር ማከፋፈያ ያስፈልግሻል። ቀዳዳው የላላ ወይም የተበላሸ ከሆነ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ግዢ፤ ጥገና ቤት ከመመላለስ ይቀላል። ብሉቱዝ ኢርፎን ቢኖርሽም ለዚህ ቀን አስቀምጪው። ሙዚቃ ሲያጫውት ጥሩ የነበረው ኢርፎን፣ ማይኩ ሲከፈት ወደ ጥሪ ሞድ ይወርድና ድምፁ የድሮ ስልክ ይሆናል። ባትሪው መሐል ላይ ሊያልቅብሽም ይችላል።

ሽቦው ላይ ያለችውን ማይክ በእጅሽ ይዘሽ አታውሪ። ልብስ፣ ሐብል ወይም ፀጉር በነካት ቁጥር ጠያቂው ጆሮ ውስጥ «ክርርር» ይላል። ከአገጭሽ ዝቅ ብሎ ኮሌታሽ ላይ በመርፌ ቁልፍ ወይም በትንሽ መቆንጠጫ ያዢው፤ ቀዳዳዋ ወደ ውጭ ትዙር። ከአፍሽ ፊት ለፊት ካደረግሻት ደግሞ እንግሊዝኛው ላይ ያለው «ፕ» ትንፋሽ ይዞ እየመጣ ይደበድባታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ኢርፎኑ ተሰክቷል፣ ዙም ግን አሁንም በላፕቶፑ ማይክ እየሰማ ነው። በዙም `Settings` ውስጥ `Audio` ላይ ገብተሽ `Microphone` ከሚለው ዝርዝር የኢርፎኑን ምረጪ። ከዚያ `Test Mic` ን ጫኚና የኢርፎኑን ማይክ በጥፍርሽ ቀስ ብለሽ ፋቂ፤ መልሶ ሲያሰማሽ ጎልቶ የሚፋቅ ነገር ከሰማሽ ትክክለኛው ተመርጧል። ካልሰማሽ የላፕቶፑን ጠርዝ ፍቂው፤ የቱ እየሰማ እንደሆነ ወዲያው ትለያለሽ። የጀርባ ድምፅ ማጥፊያውን `Auto` ላይ ተዪው። `High` ካደረግሽው ጎረቤት ያለውን ጩኸት ሲያባርር የቃላትሽንም ጫፍ ይቆርጣል።

ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሳለ የማያቋርጥ «እምምም» ከሰማሽ ማይኩን አትውቀሺ። ቻርጀሩን ንቀይውና ስሚ። ድምፁ ከጠፋ የመጣው ከቻርጀሩ በኩል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሶኬቱ መሬት ሽቦ ስለሌለ ወይም ስለማይሠራ ነው። ሌላ ሶኬት ሞክሪ፤ ካልሆነም ባትሪሽ አንድ ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ሞልተሽው ቃለ መጠይቁን በባትሪ አድርጊው።

ክፍሉን ደግሞ አንዴ በማጨብጨብ ፈትኚው። ከጭብጨባው በኋላ የሚንቀጠቀጥ ጭራ ከሰማሽ ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋና ልብስ ያለበት ክፍል ከሳሎን ይሻላል። ብርድ ልብስ የምትሰቅዪ ከሆነ ከላፕቶፑ ጀርባ፣ አንቺ በምትናገሪበት አቅጣጫ ያለው ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ድምፅሽ መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው።

ወደ ፊትሽ እንምጣ። የላፕቶፕ ካሜራ ብርሃኑን የሚለካው ፍሬሙን በሙሉ አይቶ ነው። ከኋላሽ መስኮት ወይም ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካለ፣ አንቺም ነጭ ሸሚዝ ከለበስሽ፣ ካሜራው «እዚህ ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ደግሞ ዝርዝሩን ያጣል። ለቃለ መጠይቅ ነጭ ሸሚዝ የሚመክሩ ሰዎች ይህን አያስቡትም። ሰማያዊ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ልበሺ፤ ከኋላሽ ያለው ግድግዳ ነጭ ከሆነ ደብዛዛ ቀለም ያለው መጋረጃ ወይም ጨርቅ ስቀዪበት። ይህን ብቻ አድርገሽ ካሜራውን ብትከፍቺው ፊትሽ ምንም መብራት ሳይጨመር ደመቅ ይላል።

ብርሃን ሲያንስ ሌላም ነገር ይከሰታል። ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ ያረዝማል፤ በሰከንድ 30 ምስል ይልክ የነበረው ወደ 15 ሊወርድ ይችላል። ያኔ እጅሽን ስታንቀሳቅሺ ጭስ ይመስላል፣ ፊትሽ ላይም ነጠብጣብ ይፈላል። ዙም እነዚያን ነጠብጣቦች ጨምቆ መላክ ስለሚያቅተው ምስሉ በካሬ በካሬ ይቆራረጣል። ሰው ኔትወርክ ነው ይላል፤ መነሻው አምፖሉ ነው።

መድኃኒቱ በቀን መስኮት ፊት ለፊት፣ አንድ ሜትር ያህል ርቆ መቀመጥ ነበር። ያንቺ ቀጠሮ ግን 11 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይጨልማል። በመስኮቱ ብቻ ከተማመንሽ ስትጀምሪ ብሩህ ሆነሽ ስትጨርሺ ጥላ ትሆኛለሽ። ከከተማ ውጭ ያለሽ ብትሆኚም ነገሩ ብዙ አይለይም። ስለዚህ ከ9 እስከ 12 ዋት ያለው ነጭ ኤልኢዲ አምፖልና መያዣ ወይም የጠረጴዛ መብራት አዘጋጂ፤ ገንዘብሽን እዚህ ላይ አውጪው። መብራቱን ከላፕቶፑ ጀርባ፣ በግራ ወይም በቀኝ በኩል፣ ከዓይንሽ ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ ከፊትሽ ከ70 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይራቅ። በቀጥታ ካበራሽው ግንባርሽ ያብለጨልጫል፤ መነጽር ካደረግሽም መስታወቱ ላይ ይታያል። ከፊትሽ ነጭ ግድግዳ ካለ መብራቱን ወደ ግድግዳው አዙሪው፤ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ለስላሳ ነው። ከሌለ አምፖሉን በማይነካ ርቀት ነጭ ወረቀት አንጠልጥዪለት። የጣሪያው አምፖል ብቻውን ከሆነ ግን ዓይንሽ ስር ጉድጓድ ይሠራል። የስክሪኑንም ብርሃን ቀንሺው፤ ፊትሽ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጥላ ከሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀላል ነው። ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጊው፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ የጣት ቅባት አይጠፋም፣ ምስሉንም ጉም ያለብሰዋል። ላፕቶፑን ሌንሱ ዓይንሽ ትክክል እስኪደርስ በመጻሕፍት ከፍ አድርጊው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ኤክሴል ላይ ሠርተሽ እንድታሳዪ ሊጠይቁሽ ስለሚችሉ በዚያ ከፍታ መተየብ መቻልሽንም ሞክሪ።

ስልክን ካሜራ ማድረግ ይቻላል፤ ድሮይድካምን የመሰሉ ፕሮግራሞች በዩኤስቢ ገመድ የስልኩን ካሜራ ለላፕቶፑ ያቀብላሉ። የስልኩ የኋላ ካሜራም ከላፕቶፑ ይሻላል። ኢንተርኔቱን የምታገኚው ከዚያው ስልክ በሆትስፖት ከሆነ ግን አትሞክሪው። ስልኩ ይግላል፤ ጥሪ ከገባም ዳታው ሊቋረጥ ይችላል።

ችግሩ የኔትወርክ መሆኑን የምትለዪበት መንገድ ይኸውልሽ። በዊንዶውስ `Camera` ፕሮግራም ራስሽን ለአንድ ደቂቃ ቅጂ። ቅጂው ጥርት ብሎ ዙም ላይ ሲከፋ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርክ ነው፤ ቅጂው ራሱ ከደበዘዘ ወደ መብራቱ ተመለሺ። ዙም ለሁለት ሰው ጥሪ ጥራት ላለው ቪዲዮ በሰከንድ 600 ኪሎ ቢት ወደ ላይም ወደ ታችም ይፈልጋል። ይህ ለአንድ ሰዓት ሲሰላ 540 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ከሁለት ጊጋ ያላነሰ ዳታ ያዢ፤ ኔትወርኩ ከደከመም በዙም የቪዲዮ ቅንብር ውስጥ `HD` ን አጥፊው። መብራት ቢጠፋ ራውተሩም አምፖሉም አብረው ይጠፋሉ፤ ሆትስፖቱ አስቀድሞ የተሞከረ፣ በቻርጅ የሚሠራ መብራትም የተሞላ ይሁን።

ረቡዕ ልክ በ11 ሰዓት፣ ሐሙስ በምትለብሺው ልብስ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ዙም ላይ ብቻሽን ስብሰባ ክፈቺና ቅጂውን አስጀምሪ። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ለሚለው በእንግሊዝኛ ሁለት ደቂቃ መልሺ፤ ከዚያ ስብሰባውን ዝጊውና 12 ሰዓት ላይ ሌላ ከፍተሽ እየቀዳሽ እንደገና ሁለት ደቂቃ ተናገሪ። ሁለቱን ቅጂዎች በኢርፎን እያዳመጥሽ አወዳድሪ። በሁለተኛው ላይ የዓይንሽ ነጭና ጥቁር ካልለየ መብራቱን አንድ ስንዝር አቅርቢው።