ዋጋው በዛ ላለህ ሰው ስንት ትቀንስለታለህ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ወልድያ ላይ የብየዳ ወርክሾፕ ከከፈተ ገና ዓመት አልሞላውም። «ጋሼ፣ የመስኮት ሥራ ዋጋ ሰጥቼ ሰውየው በዛ አለኝ። ስንት ልቀንስለት?» አለኝ። «ቆይ፣ ማታ ልደውልልህ» ብዬ ዘጋሁት። ማታም አልደወልኩለትም። ጥያቄው ስለ አንድ የብረት በር አስታወሰኝና እሱን ሳልጽፍ መልስ መስጠት አልሆነልኝም።

በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነው። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ደሴ ያለው ወርክሾፔ ውስጥ አንድ አባት መጡ። ሐጂ እላቸዋለሁ። ኮምቦልቻ ቤት እየሠሩ ነው። ግድግዳው አልቋል፣ ጣሪያው ተመቷል። የሚቀረው 12 የኤልቲዜድ ብረት መስኮት፣ 5 የላሜራ በርና አንድ 4 ሜትር የግቢ በር ነው። ወርጄ ለካሁ። ዋጋ አወጣሁ፦ 92,000 ብር፣ በ45 ቀን።

ሐጂ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ያዙት። «በዛ ልጄ» አሉኝ። «70 አድርገውና ለዒድ አድርስልኝ።» ለዒድ የቀረው አንድ ወር ነበር።

ያን ቀን እጄ ላይ ሌላ ሥራ አልነበረም። ሦስት ሠራተኛ ተቀምጦ ያየኛል። 85 አልኩ፤ እሳቸው 72 አሉ። 74 ላይ ጨረስን። ቀኑንም 30 አደረግነው። «አብሽሩ ሐጂ፣ ይደርሳል» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ራሱ እንደማይደርስ አውቅ ነበር።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ከ92,000ው ውስጥ ብረቱ፣ ማጠፊያው፣ ቁልፉና ቀለሙ 58,000 ነበር። የሠራተኛ 17,000። ኤሌክትሮድ፣ የግራይንደር ዲስክ፣ መብራትና መኪና 5,000። ለእኔ የሚቀረው 12,000 ነው። ስለዚህ ከ80,000 በታች ስወርድ ከራሴ ኪስ እየጨመርኩ ነው። ይህን ሒሳብ ሠርቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሐጂ ፊቴ ቆመው ሳለ ግን አውጥቼ አላየሁትም።

ቀኑም ያው ነው። 45 ቀን ያልኩት ለመንዛዛት አልነበረም። ብረቱን ለማምጣት 4 ቀን፣ ለመቁረጥና ለመበየድ 24፣ ለቀለም 9፣ ለመግጠም 5፣ መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ 3። ከዚህ 15 ቀን ሲቀነስ ሥራው አይቀንስም። ወደ ሌሊት ይሄዳል። የሌሊት ሰዓት ደግሞ ከቀኑ ይወደዳል። እኔ ዋጋውንም ቀኑንም አንድ ላይ ሰጠሁ። ወጪው ግን በሁለቱም በኩል ጨመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ይከብደኛል። ለግቢው በር በ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ ነበር የተዋዋልነው። 1 ሚሊሜትር ገዛሁ። 10 ካሬ ሜትር በር ላይ ይህ ወደ 40 ኪሎ ብረት ማጉደል ነው። ሲቀባ ማንም አይለየውም። ቀጭን ላሜራ ግን የብየዳ ሙቀት ያጣምመዋል። የእኛም ሆዱ ወጣ፤ በመዶሻ እየመታን አስተካከልነው። የነሐሴ የደሴ ጭጋግ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ወርክሾፑ ውስጥ ይገባል። ዝገት የሚከላከለው ቀለም፣ አንቲረስት፣ ደረቅ ብረት ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ መቀባት የነበረበትን አንድ ጊዜ ቀባን፤ እሱም ላብ ባወጣ ብረት ላይ፣ የብየዳው ቅርፊት በደንብ ሳይጸዳ። በዚያው ሰሞን አንዱ ልጅ ደክሞት ጭንብሉን ሳያወርድ በየደና ብርሃኑ ዓይኑን መታው። ሁለት ቀን ጨለማ ክፍል ተኛ።

በሩ በዒድ ዋዜማ ቆመ። ያን ቀን ነው የሐጂን ልጅ ያየኋት። ከጅዳ መምጣቷ ነው። ቤቱ የእሷ ነው። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ በየሁለት ወሩ እየላከች ያሠራችው። በሩን በእጇ እየዳበሰች «አባ፣ ያምራል» አለች። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያኔ በዛ ያልኩህ እኮ እጄ ላይ ያለው የሰጠሁህ ብር ብቻ ስለነበር ነው። ቀሪውን የምትልከው በመስከረም ነበር። ለሰው ይህን መናገር ደስ አይልም» አሉኝ።

አልጠየቅኳቸውም ነበር። «የበዛው ምኑ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ መልሱ ወረቀቱ ላይ ነበር። የግቢው በር ብቻውን 21,000 ብርና 15 ቀን የሚፈጅ ነው። እሱን ወደ መስከረም ብናሻግረው መስኮቶቹና የቤቱ በሮች በ71,000 ብር፣ በ30 ቀን ያልቁ ነበር። በሙሉ ዋጋ፣ በሙሉ ጥራት። ለዒድ ግቢው በቆርቆሮ ይዘጋል። ልጅቷ የምትተኛበት ክፍል መስኮትና በር አለው። ከተዋዋልንበት 74,000 እንኳ 3,000 ይተርፋቸው ነበር።

አባቴ ልጅ ሆኜ የባቲ ሰኞ ገበያ ይወስደኝ ነበር። ፍየል ሲገዛ ግማሽ ቀን ይከራከራል። እኔም ንግድ ማለት ያ ነው ብዬ አደግሁ። ነገር ግን ፍየሏ እዚያው ቆማለች። መቶ ብር ቢቀንስባት እግሯ አያጥርም። ያልተሠራ በር እንዲያ አይደለም። ዋጋው ሲቀንስ በሩ ራሱ ይቀንሳል።

አሁን ለወልድያው ልጅ። ሰውየው በዛ ሲልህ በመጀመሪያ ዝም በል። ቀጥሎ ምኑ እንደበዛበት ጠይቀው። ሌላ ቤት ረከሰልኝ ካለህ የእነሱን ወረቀት አስመጣና የላሜራውን ውፍረት ፈልግ። ካልተጻፈ ዋጋው የምን ዋጋ እንደሆነ አይታወቅም። በ1 እና በ1.5 የተሰጠ ዋጋ አንድ ላይ አይወዳደርም። ገንዘቡ አሁን የለኝም ካለህ ሥራውን ከፋፍል፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚያስፈልገው እሱ ይምረጥ፤ ለየክፍሉ ዋጋውንና ቀኑን ጻፍ። የቸኮልኩት ለቀኑ ነው ካለህ የሚፈጥን ዋጋና የማይፈጥን ዋጋ ለየብቻ ስጠው። ለዚህ ሁሉ ከስንት በታች እንደማትወርድ ቀድመህ ማወቅ አለብህ። ቁጥሩ እኔ እንዳደረግሁት መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ዋጋ በቴሌግራም አንድ መስመር ትልካላችሁ። «ላስት ስንት?» ሲባል ሌላ ቁጥር ትልካላችሁ። ሰውየውን አታዩትም። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ የያዘ እጅ በስልክ አይታይም። በአካል ሂዱ።

ሥራ ሳይቀነስ ዋጋ አይቀነስም እላለሁ፤ እኔ ራሴ ግን አድርጌዋለሁ። ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ሁለት መስኮት ስታሠራ ትርፌን ሙሉ ትቼላታለሁ። አሁንም ብትመጣ እተውላታለሁ። ያኔ ግን ላሜራውም ቀለሙም አልተነካም፤ ወረቀቱ ላይም ሙሉ ዋጋውን ጽፌ ከሥሩ የተውኩትን ለብቻው ጻፍኩ። የሐጂ ላይ ግን ስጦታ አስመስዬ ከበሩ ነበር የቀነስኩት።

በሁለተኛው ክረምት የግቢው በር ከታች ዝገት ጀመረ። ውሃ የሚያቁረው የታችኛው ጠርዝ ላይ ነው። ሐጂ አልደወሉልኝም። እኔም ሰምቼ ወርጄ አላየሁትም፤ ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ ለለቅሶ ስወርድ በዚያ ሰፈር አለፍኩ። በሩ አሁንም ቆሟል። ከታች ዳር እስከ ዳር ሌላ ሰው አዲስ ላሜራ በይዶበታል። ወረድ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት። 1.5 ነው።