«ድራይቭ ላይ አለ» ማለት ባክአፕ አለ ማለት ነው? ከድሬዳዋ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ (ከትራንዚት ቢሮ ሒሳብ ክፍል፣ ከዚራ)፦ አምስት ኮምፒውተር አለን፤ ሁሉም ላይ በአንድ ጂሜይል ጉግል ድራይቭ ተጭኗል። አለቃዬ «ክላውድ ላይ ስላለ ሌላ ባክአፕ አያስፈልግም» ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እንደ እናንተው ያለ ቢሮ ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዷ ልጅ ኮምፒውተሬ ሞላ ብላ የአምናውን የዲክላራሲዮን ፎልደር አጠፋች። ከራሷ ማሽን ላይ ብቻ የጠፋ መስሏት ነበር። የሲንክ ሥራ ግን አምስቱንም አንድ ዓይነት ማድረግ ስለሆነ ማጥፋቱንም ለአራቱ አደረሰላቸው። ነገሩ የታወቀው ከሁለት ወር በኋላ፣ ኦዲተር ሰነዱን ሲጠይቅ ነው። የድራይቭ ቅርጫት ደግሞ የተጣለ ፋይል የሚያቆየው 30 ቀን ነው። ዛሬ የምታጠፊው ነገር የትናንቱን ቅጂ መንካት ከቻለ፣ ያ ባክአፕ አይደለም።

ጥያቄ፦ አቦ አታስፈራሩን! ቨርዥን ሂስትሪ ለምንድነው ታዲያ? እኔ ዋንድራይቭ ነው የምጠቀመው፤ ፋይል ሲበላሽብኝ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። የማይክሮሶፍት 365 ደንበኛ ከሆንክ ዋንድራይቭህን በሙሉ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ወዳለ ቀን መመለስ ትችላለህ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ፣ ራንሰምዌር፣ ሰኞ ገብቶ ማክሰኞ ካየኸው ያወጣሃል። ዘግይቶ የሚታይ ጥፋት ግን ያመልጥሃል። ሌላው ነገር፣ የቢሮውን ፓስወርድ የያዘ ሰው፣ ተናዶ የለቀቀ ሠራተኛም ሊሆን ይችላል፣ ፋይሉንም ቅርጫቱንም አብሮ ያጸዳዋል። ዋናውና ቅጂው የሚከፈቱት በአንድ ቁልፍ ነው።

ጥያቄ፦ የፒችትሪውን ዳታ ፎልደር እንዳለ ድራይቭ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። አንዳንዴ ካምፓኒው አልከፈት ይለኛል፤ ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ሲንኩን ነው የምጠረጥረው። ፒችትሪ የአንዱን ድርጅት ሒሳብ በብዙ ፋይሎች ከፋፍሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ፋይሎቹም እርስ በርስ መግጠም አለባቸው። ሰው እየሠራበት ሲንክ አንዱን አሁን፣ ሌላውን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያነሳዋል። ደረሰኙ አዲስ፣ ሌጀሩ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ፎልደሩን ዛሬውኑ ከድራይቭ አውጣው። ማታ ሁሉም ሰው ከፒችትሪ ከወጣ በኋላ `File > Back Up` በል፤ መጨረሻው `.ptb` የሆነ አንድ ፋይል ይሰጥሃል። ወደ ክላውድ የሚሄደው እሱ ይሁን፤ በየቀኑ በአዲስ ስም፣ የትናንቱ ላይ ሳትደርበው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ስልኬ ሞልቶ የእህቴን ሠርግ ፎቶዎች ላጠፋ ነው፤ ጉግል ፎቶስ ላይ አሉ።

መልስ፦ ጥያቄው የቢሮ ነበር፤ ግን ተጠንቀቂ። ከመተግበሪያው ውስጥ ከሰረዝሻቸው ከክላውዱም ይሄዳሉ። `Free up space` የሚለው ነው ከስልኩ ብቻ የሚያነሳው።

ጥያቄ (ያችው የከዚራዋ)፦ ታዲያ ምን እንግዛ? ያለን 90 ጊጋ ነው። ኢንተርኔታችንንም ታውቀዋለህ።

መልስ፦ መጀመሪያ አፕሎዳችሁን ለኩ፤ ዳውንሎዱ እዚህ ላይ አይጠቅምም። 4 ሜጋቢት ከሆነ በሰዓት 1.8 ጊጋ ገደማ ይወጣል፤ 90 ጊጋ 50 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በየሌሊቱ 10 ሰዓት ቢሠራ አምስት ሌሊት ነው፤ መብራትና መስመር ሲቆራረጥ ይረዝማል። ስለዚህ ካቆመበት የሚቀጥልና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ የሚልክ ፕሮግራም ምረጡ። ሬስቲክና ዱፕሊካቲ ነጻ ናቸው፤ ዱፕሊካቲ በብሮውዘር ገጽ ላይ በመጫን ብቻ ስለሚሠራ ለእናንተ ይቀላል።

ማስቀመጫውን ስትመርጡ እኔ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው፣ የተቀመጠውን ቅጂ ለተወሰነ ጊዜ ማንም፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ እንዳያጠፋው መቆለፍ ይቻላል ወይ ብዬ ነው። ባክብሌዝ ቢ2 እና ዋሳቢ `Object Lock` የሚባል አላቸው። ቁልፉ ላይ ግን ፕሮግራሙም መስማማት አለበት፤ አሮጌ ቅጂ ልሰርዝ ሲል ይከለከላልና ሁለቱን አብራችሁ ሞክሩ። ፕሮግራሙ ቅጂውን በምስጢር የሚያሽግበትን የኢንክሪፕሽን ፓስወርድ ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ከቢሮ ውጭ አስቀምጡ። እሱ ከጠፋ ማንም አይከፍትላችሁም።

በወር አንድ ቀን የአንድ ወር ዕድሜ ያለው `.ptb` አውርዳችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሱት። ፒችትሪ ሲጠይቅ አዲስ ካምፓኒ የሚለውን ምረጡ፤ ነባሩን ከመረጣችሁ በሥራ ላይ ያለውን ሒሳብ ይደርብበታል። ከዚያ ትራያል ባላንሱን ከታተመው ጋር አስተያዩ።

ጥያቄ፦ በዶላር ነው የሚከፈለው፤ ካርዱ አንድ ወር እምቢ ቢልስ?

መልስ፦ ለዚህ የጨረሰ መልስ የለኝም። ሳትፈርሙ፣ ክፍያ ሲቋረጥ ዳታውን ስንት ቀን እንደሚያቆዩት ውላቸው ላይ አንብቡ። እኔ ክላውዱን ብቻ አላምንም፤ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ እያፈራረቅኩ አንዱ ሁልጊዜ ሌላ ሰፈር እንዲያድር አደርጋለሁ።

አስተያየት (የመጋላ ነጋዴ)፦ ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ቢሮው ይቆለፋል እኮ።

መልስ፦ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የተቆለፈ በር አላቆመውም፤ ሳቢያን ዘመድ ካለህ እዚያ አሳድረው።