ብሩ ጎንደር ደረሰ፣ ዶላሩስ?

ጎንደር ላለው ቤተሰባችሁ በየወሩ ገንዘብ የምትልኩ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እናታችሁ ብሩን ተቀበሉ ማለት ዶላሩ አገር ቤት ገባ ማለት አይደለም።

300 ዶላር ላካችሁ እንበል። በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው ሐዋላ ከሆነ፣ ዶላሩ የኢትዮጵያው ባንክ ውጭ አገር ባለው ሂሳብ ውስጥ ይገባል። እናታችሁ ፒያሳ ካለው ቅርንጫፍ ብሩን ይወስዳሉ። ዶላሩን ደግሞ ባንኩ ለአስመጪ ይሸጠዋል። ያ አስመጪ የስኳር መድኃኒት የሚያመጣ ሊሆን ይችላል፤ እናታችሁ በላካችሁት ብር የሚገዙትን ማለት ነው።

በጥቁር ገበያ ሲሆን መንገዱ ሌላ ነው። እናንተ ዶላሩን እዚያው ላለ ሰው ትሰጣላችሁ፣ የሱ ሰው ጎንደር ላይ ብር ይከፍላል። ዶላሩ ድንበር አይሻገርም። ብዙ ጊዜ የሚገዛው ጉምሩክ ላይ የዕቃውን ዋጋ አሳንሶ የሚያስመዘግብ ነጋዴ ነው። 100 ሺህ ዶላር የሚያወጣውን ዕቃ 40 ሺህ ነው ይላል፤ የቀረውን 60 ሺህ በባንክ መክፈል ስለማይችል ከእናንተ ይሰበስባል። ጭማሪ የሚከፍላችሁም ለዚህ ነው፤ ከቀረጡ ያተርፈዋል።

ምንዛሬው ላይ የሚመጣው ጣጣ ከዚህ ይጀምራል። ባንክ ዶላር ሲያጥረው የአስመጪው ወረፋ ይረዝማል። ወረፋ የሰለቸው ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል፣ እዚያ ዋጋው ይሰቀላል፣ ላኪው ደግሞ የተሻለ ዋጋ አየሁ ብሎ ከባንክ ይሸሻል። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ያየነው ይኸው ነው። ባንክ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲገዛ በጥቁር ገበያ እጥፍ ገደማ ነበር። ያኔ በባንክ ላኩ ማለት ከእናት ጉሮሮ ንጠቁ ማለት ስለነበር ላኪው ላይ አልፈርድም። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ የባንኩ ዋጋ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ ልዩነቱም ጠበበ።

ባንክ በቂ ዶላር ሲያገኝ የመግዣ ዋጋውን ለመጨመር አይጣደፍም፤ ብርም ትንሽ ይረጋጋል። ሬሚታንስ ብቻውን ግን ተዓምር አይሠራም። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ካልወጣ፣ ወይም መንግሥት ለበጀት ጉድለቱ ብር እያሳተመ ካወጣ፣ የእናንተ ዶላር ብቻውን ብርን ከመውደቅ አያድነውም።

ስትልኩ የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ አትዩ። አንዳንዱ ነፃ ነው ይልና በምንዛሬው ይቆርጣል። «300 ዶላር ብልክ እጃቸው ላይ ስንት ብር ይገባል?» ብላችሁ ሁለት ሦስቱን አወዳድሩ። ቤተሰቡንም ብሩ በማን ስም እንደገባ ጠይቁ። በሕጋዊ መንገድ ሲሆን የላኪው ስም የእናንተው ነው፣ የሐዋላ ቁጥርም አለው። ከማያውቁት ግለሰብ ሂሳብ ከገባ ግን ዶላራችሁ እዚያው ውጭ ቀርቷል። ያ ሂሳብ ምርመራ ላይ ከወደቀ ደግሞ የእናታችሁም ሂሳብ ሊታገድ ይችላል።