ሦስት አንጓ፣ አንድ ጋቢ

የዘፈን ግጥም ለምትጽፉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ሰላም ብያለሁ።

ብዙዎቻችሁ ግጥም ትልኩልኛላችሁ። አነባለሁ፤ ሁሉንም ባልመልስም አነባለሁ። አብዛኛው የፍቅር ነው፣ ይሁን፣ በዚህ ዕድሜ የምን ሊሆን ነው። ደግሞ ስንኞቹ መጥፎ አይደሉም። ቤት ይመታሉ፣ ቀለማቸው አይዛነፍም፣ አንዳንዱ መስመር እኔንም ያስቀናኛል። ግን ሦስቱን አንጓ (ስቱዲዮ ውስጥ ቨርስ የምትሉትን) አንብቤ ስጨርስ አንድ ዘፈን የሰማሁ አይመስለኝም። የሦስት ዘፈን መጀመሪያ ሰምቼ የተነሣሁ ይመስለኛል።

በቅርቡ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ የላከልኝን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው አንጓ ልጅቷ ጽጌረዳ ናት። በሁለተኛው የሐይቅ ውሃ ሆነች፣ እሱ ደግሞ ዳር ቆሞ የሚጠማ። በሦስተኛው ጨረቃ ሆና ጦሳ ላይ ወጣች። እያንዳንዱ ለብቻው ያምራል። ደውሎ «ጋሼ፣ ምን ጎደለው?» ሲለኝ፣ ሦስተኛውን አንጓ መጀመሪያ አድርገህ፣ የመጀመሪያውን መጨረሻ አድርገህ አንብበው አልኩት። አነበበው። ምንም አልተበላሸም። «እንዲያውም ይሻላል መሰለኝ» አለ፣ ሳቀም። በሽታው የሚታወቀው በዚህ ነው። አንጓዎቹን ቦታ አቀያይራችሁ ምንም ካልፈረሰ፣ ግጥሙ እየሄደ አይደለም ማለት ነው፤ ቆሞ እያወደሰ ነው።

ይሄ ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከአገራችን የሕዝብ ዘፈን ነው። እዚህ ወሎ ሠርግ ላይ ሲዘፈን እያንዳንዱ ሁለት መስመር ራሱን የቻለ ነው። አንዱ ስለ ጥርስ፣ አንዱ ስለ ወንዝ፣ አንዱ ስለ ፈረስ ይላል፣ አንዳንዴ የላይኛው መስመር ለታችኛው ቤት መምቻ ብቻ ነው የገባው፣ ማንም ግድ የለውም፣ ምክንያቱም ተቀባዩ አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ አውራጁም የፈለገውን ከፈለገበት አንሥቶ ሲያወርድ ያድራል። እዚያ ስንኝ ማቀያየር ጥበብ ነው። ሦስት አንጓ ያለው የተቀዳ ዘፈን ግን ሌላ ነገር ነው። አጭር ነው፣ ቃሉም ተቆርጦ ያለቀ ነው። ሰሚው መኪና ውስጥ ነው፣ ወይ ዕቃ እያጠበ ነው፣ ወረቀቱን አያይም፣ ተመልሶም አያነብም። በመጀመሪያው አንጓ ያስያዛችሁትን ዕቃ በሁለተኛው ከእጁ ነጥቃችሁ ሌላ ብትሰጡት ሁለቱንም ይጥላል።

ስለዚህ አንድ ምስል ምረጡ። የቱን? ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ደሴ ያደገ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ጉም ነው። ሐረጎ ላይ መኪና መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ሲወርድ ያላየ የለም። ያምራል፣ ግን ለሦስት አንጓ አይበቃም። ጉም ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ይመጣል፣ ይገፈፋል። አይያዝም፣ አይሰጥም፣ አይቀደድም። ሁለተኛው አንጓ ላይ የምትሉት ታጣላችሁና «ወፍራም ጉም»፣ «ነጭ ጉም» እያላችሁ ቅጽል ትደረድራላችሁ። ቅጽል መደርደር ስትጀምሩ ምስሉ ማለቁን እወቁ።

ሌላው የሚመጣላችሁ ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስት አንጓ ተዘጋጅቶ የጠበቃችሁ ይመስላል። እኔ ግን እፈራዋለሁ። ሰሚው «አቦል» ሲሰማ በረካውን ቀድሟችሁ ይደርስበታል፣ ከዚያ በኋላ የምትነግሩት ነገር የለም።

እኔ የምፈልገው ምስል ሰው በእጁ የሚይዘው፣ ብዙ ግሥ ያለው፣ ደግሞም ሁለት ሰው እያለበትና አንድ ሰው ሲቀርበት የተለያየ የሚሆን ነው። ጋቢን እንውሰድ። ወረቀት ላይ «ጋቢ» ብላችሁ ጻፉና ከሥሩ የሚሆነውን ሁሉ ደርድሩ፣ ቅጽል ሳይሆን ግሥ። ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ ይፈተላል፣ ይደወራል፣ ይሸመናል። ጋቢው ይደረባል፣ ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ለሁለት ይለበሳል፣ ይሳሳል፣ ሣጥን ይገባል። ይሄ ሁሉ አንድ ዘፈን ውስጥ አይገባም፣ አታስገቡትም። ከዚህ ውስጥ ታሪክ የሚሸከሙ ሦስት ብቻ ትመርጣላችሁ። እኔ የመረጥኩት መሠራቱን፣ ለሁለት መለበሱን፣ ለአንድ መቅረቱን ነው። የጥጡን መዳመጥ ብወደውም ተውኩት፣ የሙያ ማብራሪያ ይሆናል።

ለምሳሌ ብዬ የሠራሁትን ላሳያችሁ። በየወል ቤት ነው፣ 6 ቀለም ከዚህ፣ 6 ቀለም ከዚያ፣ እንደለመድነው። ከየአንጓው ዋናዎቹን ሁለት መስመር ብቻ አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያው፦

እናቴ ፈትላልኝ፣ ሸማኔ ሠርቶልኝ፤
ጋቢዬ ሰፊ ነው፣ ግማሹን ያዥልኝ።

እዚህ ልጅቷ ገና ናት። ገና ጥያቄ ነው። «እወድሻለሁ» የሚል ቃል የለበትም፣ የጋቢውን ግማሽ ያዥልኝ ነው ያለው፣ እሷም ገብቷታል። እናትና ሸማኔ የገቡት ለጌጥ አይደለም። ጋቢው ልፋት እንዳለበት ሰሚው ከወዲሁ ካላወቀ ኋላ ላይ ባዶ መሆኑ አይቆረቁረውም። ዋናዋ ነገር ግን «ሰፊ ነው» የምትለው ናት። እሷን ያዙልኝ።

ሁለተኛው፦

ጠርዙን አንቺ ይዘሽ፣ ጠርዙን እኔ ይዤ፤
ሸዋ በር ደረስኩኝ ካንቺ ጋር ተጉዤ።

ጋቢ የሚል ቃል አያችሁ? የለም። ጠርዝ ብቻ ነው ያለው። ይሄ ሆን ተብሎ ነው። ብዙዎቻችሁ አንድ ምስል ያዙ ስትባሉ ስሙን በየመስመሩ ትጠሩታላችሁ፣ ዘፈኑ የጋቢ ማስታወቂያ ይመስላል። መጀመሪያ በስሙ ጥሩት፣ መሐል ላይ በአካሉ ወይም በሥራው አሳዩት፣ ጠርዙን፣ ሙቀቱን፣ ክብደቱን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደገና በስሙ ጥሩት። ሰሚው መሐል ላይ ራሱ «ጋቢው ነው» ብሎ ሲሞላው ዘፈኑ የእሱም ይሆናል። ሰዎቹም ቆመው አይተያዩም፣ እየሄዱ ነው። በአንድ ጋቢ ሁለት ሆኖ መሄድ ደግሞ እርምጃ ማስተካከል ይጠይቃል፣ ሞክራችሁት ታውቃላችሁ፤ አንዱ ከፈጠነ ሌላው ይገለጣል። አራት መስመር ካላችሁ ቀሪዎቹን ሁለት ለዚህ ስጡት።

ሦስተኛው፦

ኮምቦልቻ ሞቆሻል፣ ደሴ ላይ በረደኝ፤
ያው ጋቢ ነው ዛሬ፣ ለብቻዬ ሰፋኝ።

አሁን አንጓዎቹን አቀያይሯቸው። እምቢ ይላሉ። «ለብቻዬ ሰፋኝ» መጀመሪያ ቢመጣ ትርጉም የለውም፣ ሰው ጋቢ ሰፋኝ ብሎ አያለቅስም። የሚያስለቅሰው መጀመሪያ ስፋቱ በረከት ስለነበር ነው። ጋቢው አልተለወጠም፣ አልተቀደደም፣ አልሳሳም፣ ያው ነው። የተለወጠው ሥሩ ያለው ሰው ቁጥር ነው። መሐል የሚቆም ምስል ስትፈልጉ ይህችን ፈልጉ፤ በደስታ ጊዜ የተመሰገነችው ባሕርይ ራሷ በኀዘን ጊዜ የምታም መሆን አለባት። ስፋት ለጋቢ እንዲህ ሆነለት። ለመንገድ ርዝመቱ ሊሆን ይችላል፣ ለበር መከፈቱ። እንዲህ ያለ ባሕርይ ካጣችሁለት ምስሉን ተዉት፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

ሦስተኛው አንጓ ላይ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፣ ማብራራት። «ጋቢው ፍቅራችን ነበር» የምትል መስመር ትመጣላችኋለች፣ ቤትም ትመታለች፣ ቆንጆም ትመስላለች። አውጧት። ሰሙን አቅልጣችሁ ወርቁን በሳህን ስታቀርቡ ለሰሚው ምን ሥራ ተረፈው? ደግሞ ሌላው፣ መጨረሻ ላይ ከፍ ያለ ነገር ያስፈለገ እየመሰላችሁ ድንገት ጨረቃና ኮከብ አትጥሩ። ብርዱ ይበቃል።

አዝማቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እሱ ነውና። አዝማች ሦስት ጊዜ ይመለሳል፣ ቃሉ አንድ ነው። እዚያ ላይ ሁለተኛ ምስል ካስገባችሁ በየአንጓው መካከል ዋናውን ትገድሉታላችሁ። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው፦

ነይማ በርዷል ደሴ፣ ነይ ቅረቢኝ ነፍሴ።

ምስል የለበትም፣ ብርድ ብቻ ነው፣ ብርዱም ጋቢውን የሚያስፈልገው ምክንያት ነው። አሁን ከየአንጓው በኋላ አስገቡት። ከመጀመሪያው በኋላ «ነይ» ግብዣ ነው፣ ትንሽ ሰበብም አለበት፣ ብርዱን ምክንያት አድርጎ። ከሁለተኛው በኋላ አጠገቡ ናት፣ ስለዚህ «ነይ» ማለት ጠጋ በይ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ኮምቦልቻ ናት፣ «ነይ» ልመና ሆነ። አንድም ፊደል አልቀየርንም። አዝማቹ እንዲህ በየዙሩ ትርጉም ካልቀየረ አንጓዎቹ ሥራቸውን አልሠሩም፣ ችግሩን አዝማቹ ላይ አትፈልጉ። ዘፋኙም ይህን ማወቅ አለበት። ሦስቱንም በአንድ ስሜት ከዘፈነው፣ ዜማው ባቲም ይሁን አምባሰል፣ ልፋታችሁ ገደል ነው። ተቀምጣችሁ ንገሩት፣ ሦስተኛው ላይ ድምፁን እንዲያወርድ።

አንድ ያ የኮምቦልቻው ልጅ የጠየቀኝ አለ። «ጋሼ፣ የኔዎቹ ሦስት ምስሎች ይጣሉ ማለት ነው?» አለኝ። አብሽር፣ አይጣሉም። ከሦስቱ ሐይቁን አስቀር አልኩት። ዳር አለው፣ ጥልቀት አለው፣ ታንኳ ይሄድበታል፣ መሻገር አለው፣ ወዲያ ማዶ አለው። ጽጌረዳና ጨረቃው ለሌላ ዘፈን ይቀመጡ፣ ወይም ይቅሩ። አሁን «ጥልቅ ነው» የምትለውን ነገር መጀመሪያ የሚማርክ፣ ኋላ የሚያስፈራ አድርጎ እየሠራባት ነው፣ ሁለተኛው አንጓ አስቸግሮታል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ያስቸግራል፣ መጀመሪያውን መድገም ይቀናዋልና። አዲስ ግሥ ስጠው ብየዋለሁ፣ ለምሳሌ መቅዘፍ።

ስቱዲዮ ስትገቡ ደግሞ አቀናባሪው ወይም ገንዘብ ያወጣው ሰው ቃል ቀይሩ ይላችኋል። ሸዋ በርን ሌላ አገር አያውቀውም ቢሏችሁ ስጧቸው፣ ቀለሙ የሚገጥም ሌላ ቦታ ይገባል፣ ዘፈኑ አይሞትም። ጋቢውን በብርድ ልብስ ቢለውጡት ቀለሙ ይዛነፋል፣ እናትየውና ሸማኔውም ከሥራ ይወጣሉ፣ ግን ስፋቱ ስላለ እንደምንም ይቆማል። «ሰፋኝ» የምትለዋን «ናፈቅሽኝ» እናድርጋት ካሉ ግን እምቢ በሉ፣ ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ።